«20.7» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ

«ጋሼ፣ በጂኦግራፊ ተመርቄ እዚሁ ሐዋሳ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ባለፈው ወር ለከተማ ፕላን ባለሙያነት የተግባር ፈተና ወሰድኩ። የአንድ ከተማ የዕድሜ ሠንጠረዥ ሰጡን፤ ሚዲያን ዕድሜውን 20.7 አገኘሁ፤ ከዚያ ‹ሕዝቡ ወጣት ስለሆነ ወሊዱ ከፍተኛ ነው፣ ከተማው በፍጥነት ያድጋል› ብዬ ጻፍኩ። በስሌቱ ሙሉ ነጥብ፣ በትርጓሜው ዜሮ አገኘሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ እፈተናለሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው? የፈተናውን ወረቀት አያይዤልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ወረቀቱን አየሁት። ፈታኙ ከተማውን ራሱ ፈጥሮ 100,000 ሰው አስፍሮበታል፤ ቁጥሮቹን ግን አስቦባቸዋል።

ሚዲያን ማለት ሕዝቡን ከታናሽ እስከ ታላቅ ቢያሰልፉት መሀል ላይ የሚቆመው ሰው ዕድሜ ነው። ከ20 ዓመት በታች ያሉት 48,000 ናቸው፤ ስለዚህ 50,000ኛው ሰው ከ20 እስከ 24 ባለው ቡድን ውስጥ ይገኛል። ቡድኑ 15,000 ሰው አለው፤ ከመጀመሪያው 2,000 ሰው ሲቆጠር 2,000 ለ15,000 ተካፍሎ በአምስቱ ዓመት ይባዛና 0.7 ገደማ ይመጣል፤ 20 ላይ ሲደመር 20.7 ነው። እስከዚህ ትክክል ነሽ።

ይህ ቁጥር ግን መሀሉ የት እንደወደቀ እንጂ ሰዎቹ ከየት እንደመጡ አይነግርሽም። ሁለት ከተሞች እኩል 20.7 ኖሯቸው አንዱ በወሊድ፣ ሌላው በአውቶቡስ መናኸሪያ ሊያድግ ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በሠንጠረዡ ቅርጽ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ ቅርጹን ሳታዪ አልፈሻል። ከ0 እስከ 4 ዓመት 12,000፣ ከ5 እስከ 9 10,500፣ ከ10 እስከ 14 11,000፣ ከዚያ ድንገት ከ15 እስከ 19 14,500 እና ከ20 እስከ 24 15,000። ወሊድ ከፍተኛ በሆነበት፣ ሰው ባልገባበትና ባልወጣበት ቦታ ሕፃናቱ ይበዛሉ፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ቡድኑ ይሳሳል። እዚህ ታች ጠቦ ወገቡ ላይ ሰፍቷል። «ወሊዱ ከፍተኛ ነው» ያልሽው እንግዲህ ራሱ ሠንጠረዡ የሚቃረነው ነገር ነው።

እርግጥ ወገቡ የሰፋው ወሊድ በቅርቡ ስለቀነሰ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ መልካም ጥርጣሬ ነው። ፈታኙ ከሥር ከአሥር ዓመት በፊት የተቆጠረውን ትንሽ ሠንጠረዥ ያስቀመጠው ለዚህ ነበር፣ አንቺ ግን አልነካሽውም። ያኔ ከ10 እስከ 14 ዓመት የነበሩት 9,000 ነበሩ። እነዚያ እኩዮች ዛሬ ከ20 እስከ 24 ናቸው። በአሥሩ ዓመት ከመቶ ሦስቱ ሞቱ ብንል 8,730 ይቀራሉ፤ በቆጠራው የተገኙት ግን 15,000 ናቸው። ወሊድ ዛሬ ቢጨምርም ቢቀንስም የሃያ ዓመት ወጣት አይወልድም፤ ትርፉ 6,270 ሰው ከውጭ የገባ ነው። ይህ የተጣራ ቁጥር ነው፤ ከተማውን ለቀው የወጡ እኩዮች ካሉ የገቡት ከዚህም ይበልጣሉ።

በጾታ ሲከፈል ደግሞ በዚህ ቡድን 8,400 ሴትና 6,600 ወንድ አለ፤ ለ100 ሴት 79 ወንድ ገደማ ማለት ነው። በከተሞቻችን ይህ የሚታወቅ መልክ ነው፤ ሴቶች ለትምህርት፣ ለቤት ሠራተኝነት፣ ለፋብሪካ በለጋነታቸው ይመጣሉ። ስለዚህ ከገጠር ጋር ሲነጻጸር የከተማ ሚዲያን ከፍ ማለቱ ከተማው «አረጀ» ማለት አይደለም። ሕፃናት ያነሱበት፣ ወጣት የጎረፈበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ እኛው ከተማ ልምጣ፤ ሌላው ፈተና በእውነተኛ መረጃ ሊሆን ስለሚችል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1999 ነው። በዚያ ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ወደ 259,000 ሕዝብ ሲኖረው፣ ከተማው ውስጥ የሚኖረው ወደ 158,000 ብቻ ነበር፤ ቀሪው በዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ነው። የገጠሩ ሕፃን ብዙ ስለሆነ አንድ ላይ ከደመርሻቸው ሚዲያኑ ይወርዳል፣ ወገቡም ላይ ያለው ጎልቶ የሚታይ ስፋት ይሟሟል። በአንዱ ቆጠራ ከተማውን ብቻ፣ በሌላው አስተዳደሩን ይዘሽ ካነጻጸርሽ ደግሞ ወሰን የፈጠረውን ልዩነት ዕድገት ብለሽ ትጽፊያለሽ። የሠንጠረዡን ርዕስ ከቁጥሩ በፊት አንብቢ።

የጊዜውም ነገር አለ። ከዚያ በፊት የነበረው ቆጠራ ጥቅምት 1987 ነው፤ በመካከሉ ያለው አሥራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ነው እንጂ አሥር አይደለም። በ1987 ከ10 እስከ 14 የነበረው ልጅ በ1999 ከ22 ተኩል እስከ 27 ተኩል ገደማ ይሆናል፤ የአምስት ዓመት ቡድኖቹ አይገጥሙም። ፈተናው ላይ እንዳደረግነው በቀጥታ ማገጣጠም አይቻልም፤ ዕድሜ በነጠላ ዓመት የተዘረዘረበትን ሠንጠረዥ ፈልጊ፣ ካጣሽ ግምት መሆኑን ጻፊ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተመረቀው በ2008 ስለሆነ፣ እሱ ያመጣቸው ወጣት ሴቶች በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሉም። ከዚያ ወዲህ የምታዪው ትንበያ ነው፤ ትንበያ ደግሞ ሠሪው ስለ ፍልሰት ያሰበውን መልሶ ይሰጥሻል።

በነጠላ ዓመት የተዘረዘረው ግን የራሱ ጣጣ አለው። በ1999 ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። «ዕድሜዎ?» ስንል ብዙ ሰው ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ይለን ነበር። አንዲት እናት የልጃቸውን ሃያ አሉኝ፤ «ኢሕአዴግ ሲገባ ስንት ዓመቷ ነበር?» ስላቸው «ገና ጡት ትጠባ ነበር» አሉ። ኢሕአዴግ የገባው ግንቦት 1983 ነው፤ ልጅቷ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ስምንት መሆኗ ነው። ሁሉም ቆጣሪ እንዲህ አይጠይቅም፣ ሲመሽ ደግሞ እኔም አልጠይቅም ነበር። ጉዳቱን በፈተናሽ ላይ ሞክሪው፦ ሃያ ካሉት 2,500ዎቹ በእርግጥ አሥራ ዘጠኝ ቢሆኑ ከ20 በታች ያሉት 50,500 ይሆናሉ፣ ሚዲያኑም ከ20.7 ወደ 19.9 ይወርዳል። ማንም ሳይወለድ፣ ማንም ሳይገባ። ስለዚህ ሁለት ቆጠራዎች ግማሽ ዓመት ቢለያዩ «ሕዝቡ እየጎለመሰ ነው» አትበይ፤ መጀመሪያ 20 እና 25 ዓመት ላይ ያለው ቁጥር ከጎረቤቶቹ ከ19፣ ከ21፣ ከ24 እና ከ26 ምን ያህል እንደሚያብጥ ተመልከቺ።

ፈታኙ «ስለ ዕድገት ምን ይላል?» ሲል የፈለገው መልስ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አለው። አሁን ከተማው የሚያድገው በመጤ ወጣት ነው፤ የሚያስፈልገውም ርካሽ የኪራይ ክፍል፣ ትራንስፖርትና ሥራ ነው። ቀጥሎ ግን እነዚያ 8,400 ሴቶች መውለጃ ዕድሜያቸው ላይ ናቸው። እያንዳንዷ ከእናቷ ያነሰ ብትወልድም እናቶቹ ስለበዙ የሕፃናቱ ቁጥር ይጨምራል። የ0 እስከ 4 ቡድን ከ5 እስከ 9 በ1,500 መብለጡ ይህ መጀመሩን ሳያሳይ አይቀርም፤ «ሳያሳይ አይቀርም» ብለሽ ጻፊ እንጂ አትማዪ፣ ትልልቆቹ ልጆች ገጠር አያት ዘንድ ተልከው ሊሆንም ይችላል። እናቶቹ ከተማው ውስጥ ከቆዩ የአንደኛ ክፍል ወንበር ጥያቄ ከሰባት ዓመት በኋላ ይመጣል። ኮንትራታቸውን ጨርሰው ወደ ቀዬአቸው የሚመለሱ ከሆነ ግን ወንበሩ ባዶ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ የዕድሜ ሠንጠረዥ አይመልሰውም። በቆጠራው መጠይቅ ውስጥ «እዚህ ከተማ ምን ያህል ጊዜ ኖሩ?» የሚለውን ዓምድ እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ እጅሽን አንሥተሽ ብትጠይቂም ነውር የለውም።