«ልምሻ መትቶት ነበር» ወይስ «ነበር ይባላል»?

ጥያቄ፦ «ስለ ሮማው ቄሣር ስለ ቀላውዴዎስ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዳንዱ ጽሑፍ ፖሊዮ ነበረበት ይላል፣ ሌላው ሌላ የበሽታ ስም ይሰጠዋል። እኔ ‹በልጅነቱ ልምሻ መትቶት ነበር› ብዬ ጽፌአለሁ። አርታኢዬ ግን ‹ይባላል› ጨምርበት አለኝ። ‹ይባላል› ማለቱ ይበቃል? የቱ ነው ትክክለኛው አማርኛ?» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሁለቱንም ባይጽፉ ይሻላል። «ልምሻ መትቶት ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም፤ ነገር ግን ማንም ያላየውን ነገር እንደታየ አድርጎ ይናገራል። «ይባላል» ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ስሕተት ይፈጠራል፤ አንባቢው የጥንት ሰዎች ልምሻ ነው ብለው እንደነበር ይረዳል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ግን የበሽታ ስም አልሰጡም፤ የጻፉት የታየውን ምልክት ብቻ ነው። ስሙን የሰጡት የዘመናችን ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የምንነጋገረው በሐዋርያት ሥራ ስሙ ስለተጠቀሰው ቄሣር እንጂ ስለ እኛው አፄ ገላውዴዎስ እንዳልሆነ በጽሑፍዎ መግቢያ ላይ ግልጽ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ቄሣሩ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ41 እስከ 54 ነው። ስለ አካሉ ሁኔታ የምናውቀው በዋናነት ከሦስት ጸሐፊዎች ሲሆን ሦስቱም እኩል አይመዘኑም። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በዘመኑ የነበረና በዓይኑ ያየው ሰው ነው፤ የቄሣሩ ራስ መንቀሳቀሱን እንደማያቆምና ቄሣሩ ቀኝ እግሩን እንደሚጎትት ጽፏል። ይሁን እንጂ ሴኔካ በዚሁ ቄሣር ትእዛዝ ወደ ኮርሲካ ደሴት ተግዞ ዓመታት ያሳለፈ ከመሆኑም በላይ፣ ይህን የጻፈው ቄሣሩ ከሞተ በኋላ ሊሳለቅበት ባዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ ነው። የቄሣሮችን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ስዌቶኒየስ የተወለደው ቀላውዴዎስ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሲሆን መጽሐፉን የጻፈው በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ነው። የታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ ደግሞ የእጆቹን መንቀጥቀጥ ሲጨምርበት በመካከሉ ከ150 ዓመት የማያንስ ጊዜ አልፎ ነበር።

ዘግይቶ የተጻፈ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ስዌቶኒየስ በንጉሠ ነገሥት ሃድርያን ቤተ መንግሥት የደብዳቤ ጸሐፊ ስለነበር፣ አውግስጦስ ቄሣር ለሚስቱ፣ ለቀላውዴዎስ አያት ለሊቪያ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ቃል በቃል ጠቅሷቸዋል። በአንዱ ደብዳቤ አውግስጦስ ስለ ወጣቱ ቀላውዴዎስ ሲመክር፣ ልጁ ሙሉ ጤነኛ ከሆነ እንደ ወንድሙ እንደ ጀርማኒከስ ደረጃ በደረጃ ወደ ሹመት ይውጣ፤ በአካልም በአእምሮም ጉድለት ካለበት ግን ለእርሱም ለእኛም መሳለቂያ እንዳንሆን በሕዝብ ፊት አይታይ ይላል። ይህ ከብዙ ዓመት በኋላ የተሰማ ወሬ ሳይሆን ልጁን በቅርብ ያየ የቤተ ዘመድ ጭንቀት ነው። ስለዚህ የአንድን ጽሑፍ ዕድሜ ብቻ ቆጥሮ መፍረድ አይበቃም፤ በውስጡ የትኛው ቃል የማን ምስክርነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ወደ አማርኛ ሲመልሱትም «ስዌቶኒየስ እንደሚለው» እና «አውግስጦስ በደብዳቤው እንደጻፈው» የሚሉትን ለያይተው ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ልምሻው እንምጣ። ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ ጡንቻን የሚያዝዙትን የአከርካሪ ነርቮች የሚገድል ቫይረስ የሚያመጣው ሕመም ነው፤ የተጎዳው እግር ወይም እጅ ይልማል፣ ከጊዜ በኋላም ይመነምናል። ቀኝ እግርን መጎተት ከዚህ ጋር ይስማማል። ራስን የሚያንቀጠቅጥና አንደበትን የሚያሰናክል ሕመም ግን በዚህ አይገለጽም። ስዌቶኒየስ ደግሞ ቄሣሩ ቆሞም ሆነ ተቀምጦ፣ በተለይ ዐርፎ ሳለ፣ ግርማ ሞገስ እንደነበረው፣ ሲራመድ ግን ጉልበቱ እንደሚከዳው፣ ሲስቅና ሲቆጣም መልኩ እንደሚበላሽ፣ አፉ አረፋ እንደሚደፍቅ፣ ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጠው ራሱም ሥራ ሲጀምር እንደሚብስበት ጽፏል። ዐርፎ ሲቀመጥ ጋብ የሚል፣ ሲንቀሳቀስና ሲቆጣ የሚብስ ምልክት ከአከርካሪ ይልቅ ወደ አንጎል ያመለክታል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ሴሬብራል ፓልሲን፣ ማለትም ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በአንጎል ላይ የሚደርሰውንና ማስተዋልን የግድ የማይነካውን ጉዳት ይመርጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዲስቶኒያ፣ ማለትም ጡንቻዎች ያለ ፈቃድ እየተኮማተሩ አካልን የሚያጣምሙበት ሕመም ነው ይላሉ። እኔም ከልምሻው ይልቅ ይህኛው ወገን የሚያሳምን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይሁንና አንዱ ምልክት አሁንም ያስቸግራል። አውግስጦስ በሌላ ደብዳቤው፣ ሲያወራ ንግግሩ የማይገባ ልጅ ተዘጋጅቶ ንግግር ሲያቀርብ እንዴት ሁሉን በግልጽ ሊናገር እንደቻለ ተደንቆ ይጽፋል። በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሚኮላተፍ ሰው በዝግጅት ብቻ አንደበቱ ሊቃና መቻሉ ይከብዳል፤ የሚንተባተብ ሰው ግን የተለማመደውን ቃል ሳይሰናከል ሊወጣው ይችላል። ስዌቶኒየስ የተጠቀመበት የላቲን አነጋገር የምላስ መሰናከልን የሚያመለክት ስለሆነ ሁለቱንም ይይዛል። በአማርኛ «ኮልታፋ ነበር» ወይም «ተብታባ ነበር» ሲሉ ግን ሳያውቁት በምርመራው ላይ ፈርደዋል። «አንደበቱ ይሰናከል ነበር» ቢሉ ጸሐፊው ካለው አይርቁም።

የምርመራው ዋና ችግር ከቃል ምርጫም ያልፋል። ጥቁር አንበሳ ያለ የነርቭ ሐኪም በሽተኛውን አስነሥቶ ያራምደዋል፣ ጡንቻውን ይዳስሳል፣ መቼ እንደጀመረው ይጠይቀዋል። የጥንቱ ጸሐፊ ግን ለሐኪም አልጻፈም። በዚያ ዘመን የገዥ አካል የጠባዩ መስታወት ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ አረፋ የሚደፍቅ ቁጡ ቄሣር የሚለው ሥዕል በከፊል ፍርድ ነው። በሪቻርድ ሦስተኛ ላይ የሆነውን እንይ። የእንግሊዙ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1485 በጦር ሜዳ ከሞተ በኋላ የጠላቶቹ ወገን ጸሐፊዎች አንድ ትከሻው ከሌላው ከፍ ይል እንደነበርና ክንዱ የመነመነ እንደነበር ጻፉ። በ2012 አፅሙ ሌስተር ከተማ ውስጥ ሲገኝ አከርካሪው በእርግጥ ወደ ጎን የተጣመመ ሆኖ ታየ፤ የመነመነ ክንድ ግን አልነበረም። አንደኛው ወሬ እውነት፣ ሌላው ፈጠራ ነበር፤ ሁለቱን የለየውም አጥንቱ ነው። ለቀላውዴዎስ የሚመረመር አጥንት የለንም።

ስለዚህ ሦስት ዐይነት ግሥ ይጠቀሙ። ምስክር ያለበትን ነገር ከምስክሩ ስም ጋር «ይላል» ይበሉ። በብዙ ምስክር የጸናውን፣ ለምሳሌ የራሱን መንቀጥቀጥ፣ በቀጥታ «ነበር» ብለው ይጻፉት። የበሽታውን ስም ግን «ሊሆን ይችላል» ወይም «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ያሥሩት፤ ከእነዚህ ሁለቱ ሁለተኛው ወደ ማመን ያደላ ስለሆነ ማስረጃዎ እስከዚያ ካላደረሰዎት በፊተኛው ይቁሙ። «አካል ጉዳተኛ ነበር» ማለት ግን ይችላሉ፤ ይህ ስለ ኑሮው የሚናገር እንጂ ስለ መንሥኤው የሚፈርድ አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቀላውዴዎስ ከልጅነቱ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ነበር፤ ራሱ ይንቀጠቀጥ፣ አንደበቱም ይሰናከል ነበር። ሴኔካ ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር ይላል። የዛሬ ሐኪሞች ከሚሰነዝሯቸው ግምቶች አንዱ ሴሬብራል ፓልሲ ሊሆን ይችላል የሚል ነው።»