ኢሲጂው ሲዘበራረቅባችሁ

ውድ የነርሲንግ ተማሪዎች፣

ጥቁር አንበሳም ሆነ አካባቢው ለልምምድ ስትወጡ፣ የኢሲጂ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ዓይናችሁ ቀጥታ ወደ ሞገዱ ይሮጣል። ቆይ! መጀመሪያ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን እዩ። የወረቀቱ ፍጥነት በሰከንድ 25 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ማሽኑ በ50 ተስተካክሎ ከነበረና ካላያችሁ፣ 120 የሚመታው ልብ 60 ሆኖ ይወጣላችኋል።

በ25 ሲሄድ ትንሿ ካሬ 0.04፣ ትልቋ 0.2 ሰከንድ ናት። በጤነኛ ልብ ፒ የምትባል ትንሽ ጉብታ ትቀድማለች፤ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ሲነቃቁ ነው። ቀጥሎ የታችኞቹ ሲነቃቁ ሹሉ ኪውአርኤስ ይመጣል። እነሱ ለቀጣዩ ምት ሲዘጋጁ ደግሞ ቲ ትከተላለች። ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ ያለው፣ ፒአር የሚባለው፣ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ነው። ኪውአርኤስ ራሱ ከ3 ያንሳል።

አሁን አንዲት የ28 ዓመት ሴት መጣች እንበል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ልቧ ይመታባታል። ሩማቲክ የልብ በሽታ እንዳለባት ካርዷ ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ ላይ ኪውአርኤሱ ቀጭን ነው፤ ከአንዱ ኪውአርኤስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግን አንዴ አንድ ተኩል ትልቅ ካሬ፣ አንዴ ሦስት ነው። 300ን በካሬው ቁጥር ካካፈላችሁ አንዱ ቦታ 200፣ ሌላው 100 ይሰጣችኋል። የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም አይደሉም። ያ ስሌት ለተስተካከለ ምት ብቻ ነው። 30 ትልልቅ ካሬ ቁጠሩ፣ 6 ሰከንድ ነው። በውስጡ 15 ኪውአርኤስ ካለ በ10 አባዙት፤ 150 ነው።

ከዚያ ፒን ፈልጉ። ከሌለች፣ በቦታዋም መስመሩ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የምቶቹም ርቀት ምንም ሥርዓት ከሌለው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጠርጥሩ። ፒ ከሌለ የፒአር ልኬትም የለም፤ ቁጥር ፈልጋችሁ አትድከሙ።

እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ይሸወዳሉ። በሐምሌ ብርድ የምትንቀጠቀጥ ታካሚም መስመሩን እንዲሁ ታዘበራርቀዋለች። ልዩነቱ ያለው ሹሎቹ መካከል ነው። ርቀታቸው እኩል ከሆነ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ሳይሆን አይቀርም። ብርድ ልብስ አልብሷት፣ ኤሌክትሮዶቹን በደንብ አጣብቁና ድገሙ።

ወረቀቱን ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት እጇንም ያዙ። አንዳችሁ ስቴቶስኮፕ ደረቷ ላይ፣ ሌላችሁ ጣት የእጅ አንጓዋ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ አብራችሁ ቁጠሩ። ደረቷ ላይ 150፣ እጇ ላይ 110 ልታገኙ ትችላላችሁ። በጣም የተቻኮሉት ምቶች ደም በቂ ሳይገፉ ያልፋሉ። በእጅ የቆጠረ ብቻ ታዲያ ያን ያህል አይደነግጥም።

ለሐኪሙ ስትነግሩ ሁለቱንም ቁጥር፣ የደም ግፊቱንና የኦክስጅን መጠኑን ጨምሩ። ግፊቷ ከወረደ፣ ደረቷን ካመማት ወይም ከተደናገረች ተራ አትጠብቁ፣ ሐኪሙን ወዲያው ጥሩ። ፀረ ደም መርጋት መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም ጠይቋት፤ በዚህ ሪትም የላይኛው ክፍል ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።