ለጆርናል ክለብ ስትዘጋጁ ከትችቱ ጀምሩ

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

ጆርናል ክለብ ላይ አሥሩን ደቂቃ የሚበላባችሁ መግቢያው ነው። ስለ በሽታው ስርጭት ስላይድ በስላይድ ስታሳዩ ሰዓቱ ይነጉዳል። ትችቱ ላይ ስትደርሱ «ናሙናው ትንሽ ነው፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ይህ ለየትኛውም ጥናት ስለሚባል ለአድማጭ የሚሰጠው ነገር የለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ትችታችሁን ያዙ፤ ሌላውን ለእሱ በሚያስፈልገው መጠን አሳጥሩት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ስፕሪንት የተባለውን የደም ግፊት ጥናት እንውሰድ። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ፣ ግን ስኳር የሌለባቸውና ስትሮክ ያልመታቸው ሰዎች ናቸው። የላይኛው ግፊታቸው ከ140 በታች ከሚሆን ከ120 በታች ቢወርድ ይሻላል ወይ? 9,361 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለዚህ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ውጤቱን በአንድ ሠንጠረዥ አሳዩ። እንደ ልብ ድካም፣ ስትሮክና በልብ ሕመም መሞት ያሉት ዋና ዋና ችግሮች ግፊቱ በጥብቅ ከወረደው ቡድን 5.2 በመቶው ላይ፣ ከሌላው 6.8 በመቶው ላይ ደረሱ። «ሩብ ያህል ቀነሰ» ብላችሁ አትለፉ። ከ3 ዓመት ትንሽ በላይ 61 ሰው በጥብቅ ሲታከም አንዱ ከእነዚህ ችግሮች ተረፈ ማለት ነው። ራስን መሳትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት መጨመሩንም እዚያው ተናገሩ።

አሁን ከግማሽ ያላነሰ ጊዜ ተርፏችኋል። እኔ ብሆን የግፊቱን አለካክ አነሳለሁ። ታካሚው አምስት ደቂቃ በጸጥታ ያርፋል፤ መሣሪያው በራሱ ሦስት ጊዜ ይለካል፤ አማካዩ ይመዘገባል። በብዙ ቦታ ባለሙያው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሰው ከመንገድ እንደገባ፣ እያወራ ሲለካ ግን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ችግሩን ጠቁሞ ማለፍ አይበቃም፤ ወዴት እንደሚገፋ ንገሩን። ሁለቱም ቡድኖች በአንድ መንገድ ስለተለኩ ንጽጽሩ አይፈርስም። የሚነካው እኛ ውጤቱን ሥራ ላይ ስናውለው ነው። በጥድፊያ እየለካን 120ን ካሳደድን ታካሚውን ጥናቱ ካወረደው በታች እናወርደዋለን። ራሱን ስቶ የሚወድቀው ያኔ ነው።

በመጨረሻዋ ደቂቃ ውሳኔያችሁን ተናገሩ፦ «እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ላይ፣ አለካካችንን ካስተካከልን፣ ወደ 120 እንወርዳለን፤ ስኳር ላለባቸው ግን ይህ ጥናት መልስ የለውም።» አድማጭ ላይስማማ ይችላል። ምኑ ላይ እንደማይስማማ ግን ያውቃል።

ጥናቱ ጥቅሙ ታይቶ ቀድሞ መቋረጡን አንዱ ማንሳቱ አይቀርም። ይህ ጥቅሙን ከእውነታው አግንኖ ሊያሳይ ይችላል። መልሱን ይዛችሁ ግቡ፤ አሥሩ ደቂቃ ውስጥ ግን አታስገቡት።