ጡብ ወይስ ብሎኬት? መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጫቸው

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር ከጣና ብዙ በማይርቅ ቦታ ቤት እየሰራሁ ነው፣ ኮለኑና ግሬድ ቢሙ አልቋል። ጡብ ውሃ ይጠጣል ይሉኛል፣ ብሎኬት ደሞ ይሞቃል ይሉኛል። ምዕራብ የሚያየውን መኝታ ቤት በየቱ ላሰራው?»

እህቴ፣ ጡብ ይጠጣል ያሉሽ ልክ ናቸው፣ ግን ስንት እንደሚጠጣ ራስሽ ለኪው። ከሁለቱም ክምር ሶስት ሶስት አንሺ፣ በደንብ ደርቀው ይመዘኑ፣ ከዛ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክረሽ ላያቸውን በጨርቅ ጠርገሽ ድጋሚ መዝኚ። 2.8 ኪሎ የነበረ ጡብ 3.3 ከገባ ወደ 18 በመቶ ጠጥቷል፣ ይሄ ይሰራል። ከ20 በመቶ በላይ ከሄደ ብዙ ጊዜ በደንብ ያልተቃጠለ ነው፣ ተይው። ብሎኬት ወደ 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ነው።

ይሄ ቁጥር ዋናው የሚጠቅምሽ ሲገነባ ነው። ጡብ ደረቁን ከተገነባ የማልታውን ውሃ ይመጠዋል፣ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል፣ በማግስቱ ጡቡን በእጅሽ ነቅለሽ ታነሺዋለሽ፣ ስለዚህ ቀድሞ ይነከርና ላዩ ጠፈፍ ሲል ይገንባ። ብሎኬት ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ርሶ ከተገነባ ሲደርቅ ይኮማተርና ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ግንበኛው ሁለቱንም በአንድ ጎማ ውሃ እንዳያጠጣብሽ በጣም ተጠንቀቂ። ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ደሞ ሁለቱም አያቆሙትም፣ ሐይቁ ዳር ግድግዳው ከስር ነጭ ጨው አውጥቶ ልስኑ የሚረግፈው በዚህ ነው፣ ግሬድ ቢሙ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ሳይነጠፍ አንድ ረድፍ እንዳይጀመር።

ጥንካሬ ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ኮለኑና ቢሙ ነው። ብቻ ብሎኬቱን በሚስማር ፋቂው፣ አሸዋው ዝም ብሎ ከተራገፈ ሲሚንቶ ያነሰው ወይም ከተመረተ በኋላ ውሃ በደንብ ሳይጠጣ የተሸጠ ነው፣ አትረከቢ።

ሙቀቱ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጡብ ቀዝቃዛ ነው የሚባለው 25 ሳንቲም ሆኖ ሲገነባ ነው፣ አሁን ብር ለመቆጠብ የሚሰራው የ12 ሳንቲም ጡብ ግን ውስጡ ድፍን ከሆነ ከ20 ብሎኬት አይሻልም፣ የብሎኬቱ ቀዳዳ የያዘው አየር ያግዘዋል። ባለ 25ቱም ቢሆን ሙቀቱን ይቀንሰዋል፣ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የመታው ፀሀይ ውስጥ የሚደርሰው ከስድስት ሰባት ሰዓት በኋላ፣ ልክ አንቺ ስትተኚ ነው። ለሳሎን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምዕራብ መኝታ ቤት ግን ያን ሁሉ ብር አታውጪበት።

እኔ ብሆን የ20 ብሎኬት ሰርቼ፣ የተረፈውን ብር ምዕራብ በኩል ቬራንዳ አወጣበታለሁ፣ ግድግዳውን ነጣ ያለ ቀለም አስቀባለሁ፣ ማንጎም ከግድግዳው ስድስት ሜትር ያህል አርቄ እተክላለሁ። ቆርቆሮው ስር ኮርኒስ ሳይሰራ ግን የትኛውም ግድግዳ አያድንሽም፣ ቀን ቀን ትልቁ ሙቀት ከላይ ነው የሚወርደው።