«ባ»ው «ዳ» ሆኖ አልሰማ ላለሽ

ጥያቄ፦ «ማራኪ ግቢ ነኝ። ለክፍል ማሳያ ጓደኛዬ ‹ጋ› ሲል ቀርጬ የ‹ባ› ድምፅ አስገባሁበት። ‹ዳ› ነው መሰማት ያለበት አይደል? ያየው ሁሉ ግን ‹ባ› ይለኛል። የት ጋ ነው የተበላሸው? ሰኞ ነው የማቀርበው።»

እህቴ፣ ሰኞ ከሆነ ትደርሻለሽ። አዎ፣ የማክጉርክ ክስተት የሚባለው ይህ ነው፤ ዓይን «ጋ» የሚል አፍ እያየ ጆሮ «ባ» ሲሰማ፣ ብዙ ሰው «ዳ» የሰማ ይመስለዋል። ቀረጻውን እንደገና ለመሥራት አትቸኩይ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የድምፁና የአፉ ሰዓት ነው።

1ኛ. ሁለቱን ፋይሎች ከመነሻቸው አታጋጥሚ። መግጠም ያለበት ፍንዳታው ነው። «ባ» ሲባል የታመቀው አየር ከንፈር ሲከፈት ይወጣል፤ «ጋ» ሲባል ደግሞ የምላስ ጀርባ ከላንቃ ሲላቀቅ። የጓደኛሽን ቪዲዮ የራሱን ድምፅ አውጥተሽ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ክፈቺው፣ «ባ»ውንም እንደዚሁ፤ ፍንዳታው በሞገዱ ላይ ድንገት እንደ ሹል መስመር ብቅ ይላል። ከሹሉ ፊት ትንንሽ ሞገድ ካየሽ እሱን ተይው፤ «ባ»ም «ጋ»ም ነዛሪ ስለሆኑ የጉሮሮው ንዝረት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያንን እንደ መነሻ ቆጥሮ ነው።

እንበል የ«ጋ» ፍንዳታ 1.460 ሰከንድ ላይ ነው፣ የ«ባ»ው 1.340 ላይ። ልዩነቱ 0.120 ሰከንድ፣ ማለትም 120 ሚሊሰከንድ ነው። «ባ»ውን በዚያው ልክ ታዘገይዋለሽ። ከሁለቱ የffmpeg ትእዛዞች የመጀመሪያው የቪዲዮውን ድምፅ ያወጣልሻል፣ ሁለተኛው «ባ»ውን አዘግይቶ ቪዲዮው ላይ ያስገባል፦

```
ffmpeg -i ga.mp4 ga.wav
ffmpeg -i ga.mp4 -i ba.wav -map 0:v -map 1:a -af "adelay=120:all=1" -c:v copy out.mp4
```

«ባ»ው ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ግን ትርፉን ከፊቱ ቁረጪለት። በዓይን ብቻ ገምቶ ማጋጠም የትም አያደርስም። አእምሮ ድምፁን ከአፉ ጋር አንድ አድርጎ የሚቀበለው ድምፁ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ቢቀድም ወይም እስከ 170 ገደማ ቢዘገይ ነው። የስልክሽ ካሜራ በሰከንድ 30 ምስል ከሆነ የሚያነሳው፣ አንዷ ምስል ብቻ 33 ሚሊሰከንድ ትወስዳለች። ስለዚህ ድምፁ በአንድ ምስል ቀድሞ ሲገባ ጠርዙ ላይ ነሽ፣ በአንድ ሲዘገይ ግን ምንም አትሆኚም። ጥርጣሬ ካለሽ ወደ መዘግየቱ አድዪ።

እዚህ ላይ ስለ ብሉቱዝ ስፒከር አንድ ነገር ልበል፣ ያቃጥለኛልና። ቤት ውስጥ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ ሞክረሽ «ዳ» ብሎሽ፣ አዳራሽ ስትገቢ «ባ» የሚሆነው በእሱ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን 200 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ ሊያዘገየው ይችላል። ዩቲዩብን የመሳሰሉት ምስሉንም አብረው ሊያዘገዩልሽ ይችላሉ፤ በፕሮጀክተር የሚጫወት ተራ ቪዲዮ ግን ላያደርገው ይችላል። ከስፒከሩ 15 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ተማሪ ደግሞ ድምፁ እስኪደርሰው 44 ሚሊሰከንድ ይጨመርበታል። ይህ ለብቻው አይጎዳም፣ ከብሉቱዙ ጋር ሲደመር ግን ከልኩ ይበልጥ ያልፋል። ሽቦ ተጠቀሚ፤ «ያለን ብሉቱዝ ብቻ ነው» ካሉሽ የላፕቶፑ የራሱ ስፒከር ይሻላል።

2ኛ. አቅጣጫው እንዳይገለበጥብሽ። «ባ» በጆሮ፣ «ጋ» በዓይን ነው። ሲገለበጥ፣ ማለትም «ጋ» የሚል ድምፅ ከንፈሩን ለ«ባ» በሚገጥም ሰው ላይ ሲገባ፣ ሰው የሚሰማው «ባግባ» ወይም «ጋባ» የመሰለ ድብልቅ ነው እንጂ «ዳ» አይደለም። ከንፈር ሲገጥም እያየ አእምሮ ሊክደው አይችልም፤ ከንፈር ክፍት ሆኖ «ባ» ሲሰማ ግን ለሁለቱም የሚስማማ መካከለኛ ይፈልግና «ዳ» ላይ ያርፋል። ድምፁ የጓደኛሽ ባይሆንም አታስቢ፣ የሴት ድምፅ በወንድ ፊት ላይም ይሠራል። የአፉ ውስጥ ግን መታየት አለበት፤ መስኮቱን ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ አድርጊና ቅረጪ።

ከዚያ «‹ዳ› ሰማችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ወረቀት አድዪና የሰሙትን በራሳቸው ይጻፉ። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያድምጡ፤ ያኔ «ባ» ካልጻፉ ጥፋቱ የድምፅ ቅጂሽ ነው። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍተሽ አፉን ብቻ አሳዪያቸው፤ «ባ» የሚል ከተገኘ የጓደኛሽ «ጋ» ንጹሕ አይደለም፣ ከንፈሩን ነክቷል። ሁለቱንም አንድ ላይ ማሳየት የመጨረሻው ነው።

በ1976 ሃሪ ማክጉርክና ጆን ማክዶናልድ ይህን ሲያወጡ ከአዋቂዎቹ 98 በመቶው በምስሉ ተጽዕኖ ሥር ወድቀው ነበር። መምህርሽ ይህን ቁጥር ጠቅሶ «የአንቺስ ለምን አነሰ?» ቢልሽ አትደናገጪ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ጥናቶች ውጤቱ ከሰው ሰው፣ ከቪዲዮ ቪዲዮ እጅግ ይለያያል፤ ሁልጊዜ «ዳ» የሚሰማው እንዳለ ሁሉ አንዴም የማይሰማው አለ። አምስት ጓደኛ ሰብስበሽ አምስቱም «ባ» ካሉሽ ቪዲዮሽ ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል።

ሰዓቱ ገጥሞም «ባ»ው ከበረታብሽ፣ ኦዳሲቲ ላይ «ባ»ው ሥር ትንሽ የሹሹታ ድምፅ ጨምሪበት። ጆሮ ሲቸገር ሰው ወደ አፍ ያያል። ነገር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ባ» የሚሉት ሰዎች መሳት እስኪጀምሩ ድረስ አታብዢው፤ ያኔ የምትለኪው ሌላ ነገር ይሆናል።