በትንሽ ድርጅት ሥራ ለምትጀምሩ፦ የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት በአንድ ገጽ ጻፏቸው

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሂሳብ ሥራ ነው። አብዛኛውን ደግሞ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው በሚሠራባቸው ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ። ዛሬ የምጽፍላችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ሥራ ለምትጀምሩት ነው።

ትልቅ መሥሪያ ቤት ስትቀጠሩ የሥራ መዘርዝር ይሰጣችኋል። የቅርብ አለቃ አላችሁ፣ በየጊዜው የሚሞላ የግምገማ ቅጽም አለ። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ግን ባለቤቱ "እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንግዲህ ሂሳቡን አስተካክይልኝ" ብሎ ስልኩን ወደ ማንሳት ይመለሳል። ክፋት የለውም። እሱ ራሱ ሻጭም፣ ገዢም፣ ሹፌርም ነው። "ማስተካከል" ሲል ግን እሱ ያሰበው አንድ ነገር፣ እናንተ የተረዳችሁት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ግብ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። ረቂቁን እናንተ ጻፉት፣ ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሕግ እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ የስንብት ክፍያም ካሳም የመክፈል ግዴታ የለበትም። ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የሙከራ ጊዜው አልፎ ሥራው ከቀጠለ ደግሞ ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምትሠሩ ከሆነ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፤ ወደ 70 ቀን ገደማ። አምስት ቀን ከሆነ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሆናል። በሁለቱም ስሌት ስለ እናንተ የሚወሰነው 90ኛው ቀን ሳይደርስ ነው። ዋናውን ውጤታችሁን ለሦስተኛው ወር መጨረሻ ካስቀመጣችሁት፣ ባለቤቱ የሚወስነው ገና ሳያየው ነው ማለት ነው።

የማውቃትን አንዲት ልጅ ነገር ላጫውታችሁ። የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ውስጥ በጥቅምት መጀመሪያ በጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሥራው ስድስት ቀን ስለሆነ የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ታኅሣሥ 10 አካባቢ ነበር። እሷም የተባለችው ያንኑ ነው፤ "ሂሳቡን አስተካክይልኝ።"

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ግብ አልጻፈችም። ይህን በጣም ወድጄላታለሁ። መዝገቡን ሳያዩ የተጻፈ ግብ ግምት ነው። ሁለት ሳምንት ያህል አየች፣ ጠየቀች፣ ፋይል ገለጠች። ከዚሁ ጋር ርክክቧን ጨረሰች። የፔቲ ካሹን ብር ከባለቤቱ ፊት ቆጥራ፣ ያልተጻፉ ደረሰኞችን ዘርዝራ፣ ሁለቱም ፈረሙ። ከእናንተ በፊት የነበረው ጉድለት በስማችሁ እንዳይመዘገብ ይህ ፊርማ የግድ ነው።

ከዚያ ባለቤቱን ሻይ ሰዓት ላይ ጠብቃ "ጋሼ፣ የዛሬ ሦስት ወር ምን ቢቀየር ነው 'ይቺን ልጅ በመቅጠሬ ደግ አደረግሁ' የሚሉት?" አለችው። ትንሽ አሰበና "ማን ስንት እንዳለብኝ... ማለቴ ማን ስንት እንዳለበት አላውቅም። ሌሊት የሚያባንነኝ እሱ ነው" አላት። "ሂሳቡን አስተካክይ" ማለት ለእሱ የዱቤ ጉዳይ ነበር። እሷ ግን እስከዚያ ቀን የምታስበው የድሮ ሰነዶችን በፋይል ስለማደራጀት ነበር።

በማግስቱ አንድ ገጽ ይዛ ቀረበች። ሦስት ግብ ብቻ ነው ያለው። አንደኛው እስከ ኅዳር 30 የእያንዳንዱ የዱቤ ደንበኛ ቀሪ ዕዳ ይታወቃል፣ ከዚያ ወዲያ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ይላል። ሁለተኛው የየወሩ የባንክ ሂሳብ በቀጣዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ከመዝገቡ ጋር ይታረቃል የሚል ነው። ሦስተኛው ደሞዝ አሠራሩን፣ የሥራ ግብሩንና ጡረታውን፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በትርፍ ሰዓት ከሚመጣው የሂሳብ ባለሙያ ተምራ ራሷ ማዘጋጀት ነው።

የመጀመሪያው ግብ እንዴት እንደተጻፈ ልብ በሉ። ባለቤቱ መጀመሪያ የፈለገው "ዱቤውን ሰብስቢልኝ" የሚል ነበር። እሷ በትሕትና አልተቀበለችውም። ደንበኛው የባለቤቱ ዘመድ ወይም የድሮ ወዳጅ ከሆነ መክፈሉ በእሷ ልፋት አይወሰንም። በእጇ ያለው ዕዳውን ማወቅ፣ ደውሎ ማስታወስና የተባለውን የክፍያ ቀን መጻፍ ነው። በእጃችሁ በሌለ ነገር ላይ ግብ ከፈረማችሁ፣ ጥሩ ሠርታችሁም ወድቃችኋል ልትባሉ ነው።

ሌላው ደግሞ መመዘኛው ነው። "ዝርዝሩ ትክክል ይሆናል" ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ትክክል ነው የሚለው ማን ነው? እሷ ከግቡ ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ ባለቤቱ ራሱ አምስት ደንበኛ ይመርጣል፣ ይደውላል፣ ደንበኞቹ የሚሉት ቀሪ ከዝርዝሩ ጋር ይገናዘባል። ሂሳብ የማያውቅ ሰው እንኳን በአሥር ደቂቃ የሚያጣራው ነገር ነው። ለትንሽ ድርጅት የሚሆን መመዘኛ እንዲህ ያለው ነው፤ ባለቤቱ ያለማንም እርዳታ ሊያየው የሚችል።

ሁለተኛው ግብ ላይ ሌላ ነገር አለ። በየወሩ የሚሠራ ሥራ በ90 ቀን ውስጥ የሚመጣው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ሁለት ቀራችሁ። ስለዚህ ሦስቱን ዙር እንዲህ ከፈለችው። የመስከረሙን ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣ አየች። የጥቅምቱን እሷ ሠራች፣ እሱ አረመላት። የኅዳሩን ብቻዋን ሠርታ እስከ ታኅሣሥ 10 አስረከበች። ያ ቀን የሙከራ ጊዜዋ ማብቂያ መሆኑን አስታውሱ። አጋጣሚ አይደለም፤ ቆጥራ ነው ያስቀመጠችው።

የጥቅምቱን ስታስታርቅ ያገኘችው ነገር የመጀመሪያውንም ግብ አቀናላት። የባንኩ ስቴትመንት ላይ ገንዘብ ገብቷል፤ መዝገቡ ላይ ግን የለም። የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። በኋላ ሲጣራ ደንበኞች ገንዘቡን በሞባይል ያስተላልፉና ማስረጃውን ፎቶ አንስተው ለባለቤቱ በቴሌግራም ይልኩለታል። እሱ "እሺ፣ ደርሷል" ብሎ ይመልሳል፤ ለሂሳብ ክፍል ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ የከፈለ ሰው ዱቤ ደብተሩ ላይ ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የከፈለ ደንበኛ ዳግም "ክፈል" ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። መፍትሔው ቀላል ነበር። ማስረጃው የሚላክበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፣ እሷም ገባችበት። ባንኩ ሳይታረቅ የዱቤው ዝርዝር እንደማይታመን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ሁለቱን ግቦች ተራ በተራ ሳይሆን ጎን ለጎን መሥራት ጀመረች።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም በትንሽ ድርጅት ውስጥ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ የሚቀጥል ግብ አላየሁም። አንድ ቀን "እስቲ ባንክ ድረሺልኝ" ይባላል። ሌላ ቀን ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። በየቀኑ ሥራ አለ፣ ማታ ደክሟችሁ ትገባላችሁ፣ ግቡ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ይህን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ዘወትር ዓርብ ከሦስቱ የትኛው በዚህ ሳምንት ወደፊት እንደሄደ ለራሳችሁ ጠይቁ። ሁለት ዓርብ ተከታትሎ መልስ ካጣችሁ ግባችሁ በዝምታ ተሰርዟል ማለት ነው።

እሷ በአምስተኛው ሳምንት ገጠማት። አንዱ ሻጭ ሥራ ለቀቀ፣ ባለቤቱም "እስክንቀጥር ድረስ ከሰዓት ከሰዓት ሱቁ ላይ ቁሚልኝ" አላት። እንቢ አላለችም። በትንሽ ድርጅት እንቢ ማለት አያዋጣም፣ ደግሞም እውነተኛ ችግር ነው። ግን ያቺን ገጽ ይዛ ሄደች። "እሺ ጋሼ፣ እቆማለሁ። ከሰዓቴ ከሄደ ግን ሦስቱም አይደርሱም። የቱ ይቆይ?" አለችው። ወረቀቱን አየና ሦስተኛውን ሰረዘ። ደሞዙን ባለሙያው እስካሁን ይሠራው የለ፣ ይቀጥልበት አለ። ቀኑን ጻፉበት፣ ሁለቱም ፈረሙ። ቢያንስ ታኅሣሥ ላይ "ደሞዙን ለምን አልተማርሽም?" የሚል ጥያቄ አይመጣም። ግብ መቀየሩ አያስፈራችሁ፤ የሚጎዳው አንዱ ሳያውቅ ሲቀየር ነው።

የሙከራ ጊዜው ከማለቁ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እሷ ይህን ያደረገችው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። "እንዴት ነኝ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ስላለ "ጎበዝ ነሽ፣ በርቺ" ትባላላችሁ፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ገጹን ዘርግታችሁ በየግቡ "እስካሁን እዚህ ደርሻለሁ፣ ይህ ቀርቶኛል። እርስዎ የጠበቁት ይህን ነው?" በሉ። የሚከፋው ነገር ካለ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፣ ለማረምም ሁለት ሳምንት አላችሁ። እሷ ዝርዝሩን ስታሳየው "ጥሩ ነው፣ ግን የቆየውና የአሁኑ ዕዳ ተቀላቅሎብኛል" አላት። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ከ30 ቀን በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 በላይ ብላ ለየችው።

ባለቤቱ ለመቀመጥ ጊዜ ካጣስ? ያጋጥማል። ያኔ ያንኑ ገጽ ከእያንዳንዱ ግብ ጎን የደረሳችሁበትን ጽፋችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ "እስከ ሐሙስ የሚስተካከል ካለ ይንገሩኝ" በሉት። ባይመልስ እንኳን መልእክቱ ከነቀኑ ይቀመጣል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በአካል አንድ ጊዜ አስታውሱት።

የእሷ ነገር እንዴት ሆነ ብትሉ፣ ታኅሣሥ ላይ ባለቤቱ አምስት ደንበኛ መርጦ ደወለ። አራቱ ከዝርዝሩ ጋር ገጠሙ። አምስተኛው "የመለስኩት ዕቃ አለ" አለ፤ እውነትም የመለሰበት ሰነድ ሳይመዘገብ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ሥራዋ ጸና። የሚቀጥለው ሦስት ወር ገጿ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ተመላሽ ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የተሰረዘው ደሞዝ አለ።