«ታማኝ ደንበኛ» ወይስ «ደንበኛዬ»?

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬታችን ለሚመላለሱ ሸማቾች የነጥብ ካርድ ሊያወጣ ነው። ስሙን «የታማኝ ደንበኞች ፕሮግራም»፣ መሪ ቃሉን «ብዙ በገዙ ቁጥር ብዙ ያገኛሉ» ብለነዋል። ግን ጆሮዬ አልተቀበለውም። ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው። «ታማኝ» የመጣው «ታመነ» ከሚለው ግሥ ነው። አደራ የተሰጠውና አደራውን ያልበላ ሰው ነው። ዘበኛ ታማኝ ይባላል፤ ገንዘብ ያዥም እንዲሁ። ዘይትና ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰው ግን ምን አደራ ተቀበለ? ይልቅ መታመን ያለበት ሱቁ ነው። እንዲያውም ክፉ አንባቢ «ሌሎቻችንን ሌባ አሉን» ሊል ይችላል።

«ደንበኛ» ብቻውን ይበቃል። አንድ ጊዜ ገዝቶ የሄደን ሰው «ደንበኛዬ ነው» አንልም፤ መመላለሱ ቃሉ ውስጥ አለ። ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይሠራል። የጉሊቷ ሴት ገዢዋን «ደንበኛዬ» ትላለች፤ ገዢዋም እሷን «ደንበኛዬ ናት» ትላለች። እኔ ብሆን ካርዱን «ደንበኛዬ» እለው ነበር።

መሪ ቃሉ ላይ ያለው ስህተት ይብሳል። «በገዙ ቁጥር» ማለት «በገዙበት ጊዜ ሁሉ» ነው። «ብዙ» ሲጨመርበት «ብዙ የገዙ ዕለት ሁሉ» ይሆናል። ታዲያ በየቀኑ ዳቦና ወተት ብቻ የሚወስደው ሰውዬ የት ገባ? ካርዱ የታሰበው ለሚመላለስ ሰው ነው፤ መሪ ቃሉ ግን በወር አንዴ ጋሪ ሞልቶ የሚሄደውን ይጠራል።

ለሚሰጡት ነገር ደግሞ ገበያው የራሱ ቃል አለው። የሽንኩርቱ መደብ ዋጋው ካለቀ በኋላ «መርቂልኝ» እንላለን፤ ሁለት ራስ ትጨምራለች። ዋጋው አልተቀነሰም፣ ስለዚህ ቅናሽ አይደለም። ተወዳድረን አላሸነፍንም፣ ስለዚህ ሽልማትም አይደለም። ምርቃት ነው። የእናንተ ነጥብም ይኸው ነው።

ብቻ ቃሉን ለካርዱ ስም አታድርጉት። «የምርቃት ካርድ» ያየ ሰው ማን ተመረቀ ብሎ አበባ ይዞ ይመጣል! መሪ ቃሉ ውስጥ ግን ያምራል፦ «ደንበኛዬ፦ በመጡ ቁጥር ምርቃት አለ።» አንቱታው ወንድና ሴት አይለይም፤ «ና» ወይስ «ነይ» ከሚል ጣጣ ያድናል። «ይሸምቱ፣ ይመረቁ» ማለትም ይቻላል። ፊደሏን ግን ጠብቁ፤ «ረ» ወደ «ር» ከተለወጠች «ይመርቁ» ይሆንና ጨማሪው ሸማቹ ሆኖ ቁጭ ይላል።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ነጥቡ የሚያዘው ከተወሰነ ብር በላይ ለገዛ ብቻ ነው? እንዲያ ከሆነ «በመጡ ቁጥር» አትበሉ። ዳቦ ገዝቶ ነጥብ የተከለከለው ሰውዬ ካሸሯ ፊት ቆሞ መሪ ቃላችሁን ያነብላታል።